ማርስ የተቆጠረባት ሙሽራ

በሰሜን ህንድ ላክናው ከተማ የሚያስችለው የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ችሎት እ.አ.አ. በሜይ 2023 አንድ የዋስትና አቤቱታ ቀረበለት። ተከሳሹ አገባሻለሁ ብሎ ደፍሯታል የተባለ ሰው ነው። ጠበቃው ሲከራከሩ፣ ልጅቷ ማንግሊክ፣ ማለትም በኮከብ ቆጠራ የማርስ እንከን ያለባት ስለሆነች ሊያገባት አይችልም አሉ። የእሷ ጠበቃ ደግሞ ማንግሊክ አይደለችም አሉ። ዳኛው የላክናው ዩኒቨርሲቲ የኮከብ ቆጠራ ትምህርት ክፍል ኃላፊ የሁለቱንም የልደት ሰንጠረዥ መርምረው በሦስት ሳምንት ውስጥ ውጤቱን በታሸገ ፖስታ እንዲያቀርቡ አዘዙ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነገሩን በራሱ ተነሳሽነት አንሥቶ፣ ጁን 3 ቀን፣ ያውም ቅዳሜ፣ ትእዛዙን አገደ።

ማንግሊክ መሆን አለመሆን በሙግት የሚነሣ ጉዳይ እስከ መሆን የደረሰው ቃሉ በህንድ የጋብቻ ድርድር ውስጥ ያለው ክብደት ስለሚታወቅ ነው። ግን ባለሙያው ፖስታውን ቢያሽጉት ኖሮ ምን ብለው ይጽፉ ነበር? መልሱ ከሚታሰበው በላይ የሚያንሸራትት ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ያለው አቆጣጠሩ ውስጥ ነው።

በሳንስክሪት ማርስ ማንጋል ይባላል፤ ዶሻ ማለት ደግሞ እንከን ወይም ጉድለት ነው። የማርስ እንከን ያለበት ሰው ማንግሊክ ይባላል። በደቡብ ህንድ ኩጃ ዶሻ ወይም ሴቭቫይ ዶሻም ይሉታል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ማርስ በዚህ ትምህርት ቁጣን፣ ደምን፣ ብረትንና እሳትን የያዘ ኮከብ ነው። እነዚህ ለወታደር ይጠቅማሉ፣ ለጋብቻ ቤት ግን ይከብዳሉ ነው የሚሉት።

በእኛ ዘንድ ባለ ኮከቡ የሚቆጥረው የሰውየውንና የእናቱን ስም ነው። ህንዶች ግን ከስም አይነሡም፤ የልደት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይፈልጋሉ። በዚያች ደቂቃ በምሥራቅ አድማስ ላይ ብቅ የሚለው ኮከብ፣ ማለትም ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ከአሥራ ሁለቱ አንዱ፣ ላግና ይባላል። አንደኛ ቤት እሱ ነው። ከዚያ በቅደም ተከተል እስከ አሥራ ሁለተኛው ቤት ይቆጠራል። ማርስ ከላግና ሲቆጠር በ1ኛ፣ በ2ኛ፣ በ4ኛ፣ በ7ኛ፣ በ8ኛ ወይም በ12ኛ ቤት ከተገኘ ሰውየው ማንግሊክ ነው። በሰሜን ብዙዎች 2ኛውን ቤት ይተዋሉ፤ በደቡብ ደግሞ 2ኛውን አስገብተው 1ኛውን የሚተዉ አሉ። ጠቡ ከዚሁ ይጀምራል።

እነዚህ ቤቶች ለምን ተመረጡ? ሰባተኛው የትዳር ጓደኛ ቤት ነው። ማርስ ከተቀመጠበት ሆኖ አራተኛውን፣ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ቤት "ያያል" ይባላል። በጣት ቢቆጠር፣ ከ1ኛ ቤት ሆኖ ሰባተኛው እይታው ቀጥታ የትዳሩ ቤት ላይ ያርፋል። ከ4ኛው ሆኖ በአራተኛ እይታው፣ ከ12ኛው ሆኖ በስምንተኛ እይታው እዚያው ይደርሳል። በ7ኛው ሲሆን ራሱ ገብቶ ተቀምጧል። ስምንተኛው የዕድሜና የሞት ቤት ነው፤ በሴት ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ የባሏ ዕድሜ የሚነበብበት ነው። ሁለተኛው የቤተሰብና የአንደበት ቤት ሲሆን፣ ማርስ ከዚያ ሆኖ ስምንተኛውን ያያል። ስለዚህ ዝርዝሩ እንዲያው የተጻፈ አይደለም፤ በራሱ ሕግ ውስጥ ወጥ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ከአሥራ ሁለት ቤት ስድስቱ ከተያዙ፣ ከሰው ግማሹ ማንግሊክ ነው ማለት ነው። ይህ ከላግና ብቻ ሲቆጠር ነው። ብዙ ባለ ኮከቦች ከጨረቃም፣ ከቬነስም እንደገና ይቆጥራሉ። ሦስቱም ቆጠራ ግማሽ ግማሽ ከያዘ፣ ከስምንት ሰው ሰባቱ በአንዱ መንገድ ይያዛል፤ ነፃ የሚወጣው አንዱ ብቻ ነው። ይህን ሒሳብ ማንኛውም የሚያስብ ባለ ኮከብ ያውቀዋል። "ከፊል ማንግሊክ" የሚባለው ነገር፣ ኋላ የምናየው ረጅም የነፃ ማውጫ ዝርዝርም የተፈለገው ለዚህ ይመስላል።

አንድ የልደት ሰንጠረዥ ወስደን ብናየው ነገሩ ግልጥ ይሆናል። ልጅቷ ዴልሂ ውስጥ እ.አ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2000፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ጠዋት ተወለደች እንበል። በዚያን ቀን፣ በህንድ መንግሥት የቀን መቁጠሪያ በሚታወቀው የላሂሪ ስሌት፣ ማርስ ደለዊ ውስጥ በ4ኛው ዲግሪ ላይ ነበር። ቬነስ አቅራብ ውስጥ፣ ጨረቃ ሚዛን ውስጥ ነበሩ። ህንዶች የሚጠቀሙት ሰማይ ከምዕራባውያኑ በ24 ዲግሪ ገደማ ወደኋላ የቀረ ነው፤ ስለዚህ ከአውሮፓ መተግበሪያ የወጣ ሰንጠረዥ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ማርስ በአንድ ኮከብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ወር ተኩል ያህል ይቆያል፤ ወደኋላ በሚሄድበት ወቅት ደግሞ ወራት ይፈጅበታል። እንግዲያው በዚያን ሰሞን የተወለደ ሕፃን ሁሉ ማርሱ ደለዊ ነው። የሚለያየው ላግናው ነው፤ እሱ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይቀየራል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እንከተለው። ጸሐይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ስትወጣ ላግናው ቀውስ ነበር። ከቀውስ ሲቆጠር ደለዊ ሦስተኛ ነው፤ ልጅቷ ነፃ ናት። ከ2 ሰዓት ከ10 በኋላ ጀዲ ይወጣል፤ ማርስ ሁለተኛ ቤት ይገባል። ለደቡቡ የቼናይ ባለ ኮከብ ማንግሊክ ናት፣ ለሰሜኑ የዴልሂ ግን አይደለችም። 4 ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ራሱ ደለዊ ይወጣል፤ ማርስ አንደኛ ቤት ሆነ። አሁን የዴልሂው ባለ ኮከብ ራሱን ይነቀንቃል። ቀጥሎ ሑት ይወጣና ማርስ አሥራ ሁለተኛ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ሁሉም ይስማማል። እኩለ ቀን አልፎ ሐመል ሲመጣ ደግሞ ማርስ አሥራ አንደኛ ሆኖ ልጅቷ እንደገና ነፃ ትወጣለች።

እንግዲህ የሆስፒታሉ ወረቀት 3፡50 ቢል፣ አያትየው ግን "አራት ሰዓት ሲደወል ነው የጮኸችው" ቢሉ፣ በሁለቱ መካከል ያለችው አሥር ደቂቃ ናት ማንግሊክ የምታደርጋት ወይም የማታደርጋት። የላግናው አንድ ዲግሪ ወደ አራት ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ ከድንበሩ አጠገብ ያለ ሰንጠረዥ የሰዓት ስሕተትን አይችልም። አዋላጅ ሰዓቷን የምታየው ሕፃኑን ከጠራረገች በኋላ ነው፤ መዝጋቢውም ደቂቃውን ወደ አምስት ወይም ወደ አሥር ያጠጋጋል። በመንደር የተወለደ ሰው ሲሆን ደግሞ ከብቶቹ ሲወጡ፣ እራት ሲበላ እየተባለ ነው።

ይህም አልበቃም። የዚችን ልጅ ማርስ ከቬነስ ብንቆጥረው ከአቅራብ ወደ ደለዊ አራተኛ ነው። በዚያ አቆጣጠር ማለዳ የተወለደችውም፣ ቀትር ላይ የተወለደችውም ማንግሊክ ናቸው። እነሱ ብቻ አይደሉም፤ ቬነስ ከአቅራብ እስክትወጣ ድረስ ከሦስት ሳምንት በላይ በመላው ዓለም የተወለደ ሕፃን በሙሉ ማንግሊክ ነው፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ የተወለደውም ጭምር። ከጨረቃ ሲቆጠር ግን ከሚዛን አምስተኛ ስለሆነ በዚህኛው በዚያን ቀን የተወለደ ማንም አይያዝም።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የነፃ ማውጫው ዝርዝር ይመጣል። ማርስ በገዛ ቤቱ፣ ማለትም በሐመል ወይም በአቅራብ፣ ወይም በሚከብርበት በጀዲ ከሆነ ጉዳቱ ይነሣል ይባላል። ላግናቸው ሸርጣን ወይም አሰድ የሆኑ ሰዎች ማርስ ወዳጃቸው ስለሆነ አይጎዳቸውም። ጁፒተር አብሮት ከተቀመጠ ወይም ካየው ይበርዳል። በደቡብ በሰፊው የሚጠቀስ ሌላ ሕግ ደግሞ ማርስ በአሰድ ወይም በደለዊ ሲሆን ዶሻ ጨርሶ የለም ይላል። የእኛ ልጅ ማርስ ደለዊ ነው! ይህን ሕግ የሚቀበል ባለ ኮከብ ዘንድ ብትሄድ በየትኛውም ሰዓት ብትወለድ፣ ከየትም ቢቆጠር፣ እስከ ዛሬ የተጨነቀችበት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል። የማይቀበለው ዘንድ ብትሄድ ግን መድኃኒት ይታዘዝላታል። አንዲት ልጅ ናት፣ አንድ ሰማይ ነው፣ ፍርዱ ሁለት።

ቤተሰብ ይህን ያህል የሚፈራው ምኑን ነው? በሰፊው የሚጠቀሰው የሳንስክሪት ስንኝ ማርስ በእነዚህ ቤቶች ከሆነ ሴቷ ለባሏ፣ ወንዱም ለሚስቱ ጥፋት ነው ይላል። ስንኙ ሁለቱንም እኩል ነው የሚናገረው። በኑሮ ግን ሸክሙ በሴቷ ላይ ነው የወደቀው፤ ባል የሞተባት ሴት የዕድለ ቢስነት ምልክት ሆና በምትታይበት ማኅበረሰብ ውስጥ "ባሏን የምትበላ" የሚለው ጥርጣሬ ከመጋባቷ በፊት ይከተላታል። የወንድ ልጅ እናት ማንግሊክ የሚለውን ቃል ስትሰማ የምታስበው የልጇን ሬሳ ነው። ለዘብ ያሉት ደግሞ ስለ ሞት ሳይሆን ስለ ጭቅጭቅ፣ ስለ ፍቺና ስለ ዘገየ ትዳር ያወራሉ።

ሌላም ተግባራዊ ምክንያት አለ። በሰሜን ህንድ ባልና ሚስት የሚመዛዘኑት በ36 ነጥብ ነው፤ 18 ካገኙ ያልፋሉ። የማርሱ ጉዳይ ግን ከ36ቱ ውስጥ የለም። ለብቻው ነው የሚታየው። ስለዚህ ሁለት ወጣቶች 28 ነጥብ አግኝተው፣ ኮከባቸው ገጥሞ፣ ቤተሰብም ተስማምቶ በማርስ ብቻ ይፈርሳሉ። ማንም ሊያስከፋ ያልፈለገ ቤተሰብ ደግሞ ይህችን መውጫ ይወዳታል። ልጅቷ ጥቁር ናት፣ ጥሎሹ አነሰ፣ ዘሯ አልጣመንም ከማለት "ማንግሊክ ናት አሉን" ማለት ይቀላል። ማስረጃ የሚጠይቅ የለም።

ከዚህ የተነሣ የሚፈጠረው ችግር ሰንጠረዥ ማሳመር ነው። የልደት ሰዓቱን ሃያ ደቂቃ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ገፍቶ ማርስን ወደ ሦስተኛ ቤት ማሻገር ለሠለጠነ እጅ ቀላል ሥራ ነው። የሚታወቅበትም መንገድ አለ። በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓትና በሰንጠረዡ ላይ ያለው ሲለያይ፣ ወይም ላግናው ከኮከቡ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ዲግሪ ላይ ሲያርፍ ሌላው ወገን ይጠረጥራል። የማያጠራጥር ንጹሕ ሰንጠረዥ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ግን አጭበርባሪ አይደለም፤ አንዳንዱ በእውነት ሦስተኛ ቤት ነው ያለው።

ከመድኃኒቶቹ መካከል በጣም የተለመደው ሥርዓት እንኳን የለውም፤ ማንግሊክን ከማንግሊክ ማጋባት ነው። ሁለት እሳት እርስ በርሱ ይጠፋፋል ይባላል። በሌላኛው ወገን ሰንጠረዥ ላይ ሳተርን በእነዚያው ቤቶች ከተገኘም እንደ መጣጣም የሚቆጥሩ አሉ። ማርስ የሚበስለው በ28 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ይበርዳል የሚል እምነትም አለ፤ ቤተሰቦች ልጃቸውን እስከዚያ ያቆዩና "አሁን አልፏል" ይላሉ።

ሥርዓት ካላቸው ውስጥ ስሙ የገነነው ኩምብ ቪቫህ፣ የእንስራ ጋብቻ ነው። ሙሽራዋ ከእውነተኛው ሠርግ ቀደም ብሎ፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት የቅርብ ዘመድ ብቻ ባለበት፣ እንደ ሙሽራ ለብሳ ትቀርባለች። የሸክላ እንስራ ውሃ ይሞላል፤ አፉ ላይ የማንጎ ቅጠልና ኮኮናት ይደረጋል፣ በቀይ ጨርቅ ይጠቀለላል። አጠገቡ የሂንዱ አምላክ የቪሽኑ ትንሽ ምስል ይቀመጣል። ካህኑ የልጅቷን ስምና ዘር ጠርቶ ሥርዓቱ ለምን እንደሚደረግ ያስታውቃል፤ ወላጆቿ እንደ ሠርግ ሁሉ እጇን ለእንስራው ይሰጣሉ፤ እሷና እንስራው በክር ይታሰራሉ። ሥርዓቱ ሲያበቃ ክሩ ይበጠሳል፣ እንስራው ይሰበራል ወይም ወንዝ ውስጥ ይጣላል። እሷ ታጥባ ልብስ ትቀይራለች። ሐሳቡ ግልጥ ነው፤ ማርስ የሚገድለው የመጀመሪያውን ባል ከሆነ፣ የመጀመሪያው ባል ሸክላ ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ የሚከነክን ጥያቄ ይነሣል። እንስራው ሲሰበር ልጅቷ መበለት ሆነች ማለት ነው? ይህን ለመሸሽ ነው አንዳንዶች ከቪሽኑ ምስል ጋር ብቻ ማጋባትን የሚመርጡት፤ አምላክ ስለማይሞት መበለትነት የለም። ከዋርካ ዘመድ ከፒፓል ዛፍ ጋር የሚያጋቡም አሉ፣ ከሙዝ ተክልም ጋር እንዲሁ። ለወንድ ማንግሊክ ደግሞ አርካ የሚባለው ቁጥቋጦ ይመረጣል። እሱ እኛ ጦቢያ የምንለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው ተክል የቅርብ ዘመድ ነው። እ.አ.አ. በ2007 የፊልም ተዋናይቷ አይሽዋርያ ራይ ስታገባ ከዛፍ ጋር ተጋብታለች የሚል ወሬ አገር ምድሩን አዳርሶ ነበር፤ ቤተሰቡ ሐሰት ነው ብሏል። በሕግ በኩል እነዚህ ሥርዓቶች ዋጋ የላቸውም። እ.አ.አ. የ1955ቱ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ለትዳር ካስቀመጣቸው መስፈርቶች ውስጥ ኮከብ የለም፤ ከእንስራ ጋር የተደረገውም እንደ ጋብቻ አይቆጠርም።

ሠርግ የማይነኩትን መድኃኒቶች በአጭሩ ብንጠቅስ፣ ማክሰኞ የማርስ ቀን ስለሆነ ይጾማል፤ ቀይ ምስር፣ ቀይ ጨርቅና ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ለድኻ ይሰጣል። አርባ ስንኝ ያለው የአምላኩ የሃኑማን ውዳሴ ይደገማል። የማርስ ጸሎት 10,000 ጊዜ እንዲባል ይታዘዛል፤ በቀን 108 የሚባል ከሆነ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ጊዜ የሌለው ቤተሰብ ካህን ይቀጥራል። በማድያ ፕራዴሽ ኡጄን ከተማ ያለው ማንጋልናት ቤተ መቅደስ የማርስ የትውልድ ቦታ ነው ተብሎ ስለሚታመን ሰው የተቀቀለ ሩዝ የሚለጠፍበትን ሥርዓት ለማስደረግ ከሩቅ ይመጣል፤ በታሚል ናዱ የሚሄዱት ደግሞ ወደ ቫይቴስዋራን ኮይል ነው።

በጣም የሚያጠያይቀው ግን ቀዩ የባሕር ዛጎል ድንጋይ፣ ማለትም መርጃን ነው። በወርቅ ወይም በመዳብ ቀለበት ተሠርቶ፣ ማክሰኞ ቀን በቀለበት ጣት ላይ ይደረጋል። በዚያው ትምህርት መሠረት ድንጋይ ኮከቡን ያጠነክራል እንጂ አያደክምም። የተቆጣን ማርስ ማጠንከር ደግሞ በእሳት ላይ ቅቤ ማፍሰስ ነው። ጠንቃቃ ባለ ኮከቦች ማርስ ለዚያ ላግና ወዳጅ መሆኑን ሳያረጋግጡ መርጃን አያዙም። መጀመሪያ ድንጋዩን አውጥቶ ኋላ ሰንጠረዡን የሚያይ ሰው ዘንድ የገባ ግን ገንዘቡን ይዞ ቢወጣ ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ ይሠራል ወይ ለሚል፣ ባለ ኮከቦቹ ራሳቸው የገቡበት ፈተና አለ። የሥነ ፈለክ ሊቁ ጃያንት ናርሊካርና ባልደረቦቹ በማሃራሽትራ 200 የልደት ሰንጠረዦች ሰብስበው፣ ግማሾቹ በትምህርታቸው ጎበዝ የሆኑ፣ ግማሾቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ነበሩ፣ ለባለ ኮከቦች አርባ አርባ እየመደቡ ሰጡ። መልስ የላኩት 27 ባለ ኮከቦች የገመቱት በአማካይ 46 በመቶ ትክክል ነበር፤ ሳንቲም ቢወረወር ከሚገኘው አይበልጥም። ውጤቱ እ.አ.አ. በ2009 ታትሟል። ፈተናው ስለ ማንግሊክ አልነበረም፤ ግን ላግናውም፣ ቤቶቹም፣ ማርሱም እነዚያው ናቸው።

እንዲህም ሆኖ ነገሩ እየደከመ አይደለም፤ ከካህኑ ደብተር ወደ ስልክ ተዛውሯል። በህንድ የጋብቻ ድረ ገጾች ላይ ሰው ሲመዘገብ ከዕድሜና ከቁመት ጋር ማንግሊክ ነህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ ምርጫው አዎ፣ አይደለሁም፣ አላውቅም ነው። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የተወለደችው የዴልሂዋ ልጅ ከቬነስ ማንግሊክ፣ ከጨረቃ ነፃ፣ በደቡብ አቆጣጠር ማንግሊክ፣ በሰሜን ነፃ፣ በደለዊው ሕግ ደግሞ ጨርሶ የሌለባት ናት። አንዱን መምረጥ አለባት። አዎ ካለች፣ አይደለሁም የሚለውን ብቻ አጣርተው የሚፈልጉት ወንዶች ስሟንም አያዩትም።